618 ወይስ 794? በደብረ ብርሃን የአንድ ማቅለሚያ ክፍል የሙቀት መለዋወጫ ጉዳይ

618 እና 794። ሁለቱ ቁጥሮች የወጡት ከአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ቀን ከተለካ አንድ ውጤት ነው። ሁለቱም የአንድ ሙቀት መለዋወጫ አጠቃላይ የሙቀት ማስተላለፍ ምጣኔ ናቸው፤ አሃዳቸውም ዋት በስኩዌር ሜትር በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲበልጥ ሙቀቱ በቀላሉ ያልፋል ማለት ነው። በስሌት ረገድ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሆኖም አንደኛው «መሣሪያው ይጸዳ» ይላል፣ ሌላኛው ደግሞ «ገና ነው» የሚል ይመስላል። በሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምርት ክፍሉንና የጥገና ክፍሉን ለሳምንታት ያከራከረው ይህ ነበር። እኔ የተጠራሁት ክርክሩን በቁጥር እንድፈታ ነው። መልሱ ሲገኝ ግን ማንም ወዳልጠረጠረው ወገን ወሰደን፤ ጉዳዩን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው።

መሣሪያው የተተከለበት ምክንያት ቀላል ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳማ ከተማ ናት። የፋብሪካው የጉድጓድ ውሃ ወደ ማቅለሚያ ክፍሉ የሚደርሰው በ18 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ለማቅለሚያ ደግሞ በጣም መሞቅ አለበት። በዚህ ከፍታ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ከክፍት ገንዳዎች የሚወጣው የማቅለሚያ ፍሳሽ ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም፤ መሰብሰቢያው ጉድጓድ ሲደርስ 78 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ይህን የሚያህል ሙቀት ወደ ማጣሪያ ገንዳ መልቀቅ ነዳጅ መድፋት ስለሆነ፣ ፍሳሹ አዲሱን ውሃ አስቀድሞ እንዲያሞቅ መለዋወጫ ተገዛ። ቀሪውን ማሞቅ የቦይለሩ ሥራ ነው።

መለዋወጫው በአንድ ትልቅ ቧንቧ ውስጥ የተደረደሩ 19 ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። አራት ባለ 6 ሜትር ክፍሎች በተከታታይ ስለተገናኙ የእያንዳንዱ ቱቦ ጠቅላላ ርዝመት 24 ሜትር ነው። ፍሳሹ በቱቦዎቹ ውስጥ ይሄዳል፤ የጉድጓዱ ውሃ ከቱቦዎቹ ውጭ፣ በትልቁ ቧንቧ ውስጥ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈሳል። ቱቦዎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው። የውጭ ዲያሜትራቸው 19.05 ሚሊሜትር፣ የግድግዳቸው ውፍረት 2.11 ሚሊሜትር ነው፤ የውስጥ ዲያሜትራቸው ስለዚህ 14.83 ሚሊሜትር ይሆናል። ለዚህ ዓይነት ሥራ ይህ ወፍራም ግድግዳ ነው። የክርክሩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የቱቦዎቹ ስፋት በውጭ ገጻቸው ሲለካ 27.3 ስኩዌር ሜትር፣ በውስጥ ገጻቸው ሲለካ 21.25 ስኩዌር ሜትር ነው። የሁለቱ ሬሾ ከዲያሜትሮቹ ሬሾ ጋር እኩል ነው፤ 1.285 ይመጣል። ግድግዳው ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆን ነበር፤ ምናልባትም ማንም ልብ አይለውም ነበር። 28 በመቶ ሲሆን ግን ውሳኔ ይገለብጣል።

በደረስኩበት ቀን የተለካው ይህ ነበር። ፍሳሹ በ78 ዲግሪ ገብቶ በ45 ይወጣል። የጉድጓዱ ውሃ በ18 ገብቶ በ51 ይወጣል። የሁለቱም ፍሰት በሰዓት 12 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በሴኮንድ 3.3 ኪሎግራም ገደማ ነው። ፍሰቱን በቆጣሪው ብቻ አላመንኩም፤ 2,000 ሊትር የሚይዘው ታንክ በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ በሰዓት ለካን፤ 10 ደቂቃ ወሰደ፤ ቆጣሪው ልክ ነበር። ፍሳሹ ያጣው 33 ዲግሪና ውሃው ያገኘው 33 ዲግሪ እኩል መሆናቸውም ሌላ ማረጋገጫ ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ብዙ ቢለይ ኖሮ ወይ ቴርሞሜትሩ ወይ ቆጣሪው ይዋሻል ማለት ስለነበር፣ ወደሚቀጥለው እርምጃ ባልሄድኩም ነበር።

የተላለፈው ሙቀት ከዚህ ይወጣል፦ 3.3 ኪሎግራም በሴኮንድ፣ በውሃ ልዩ ሙቀት 4.18፣ በ33 ዲግሪ ሲባዛ 455 ኪሎዋት። ሁለቱ ፍሰቶች እኩል ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው የሙቀት ልዩነት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ በአንዱ ጫፍ 78 ሲቀነስ 51፣ በሌላው ጫፍ 45 ሲቀነስ 18፤ ሁለቱም 27 ናቸው። ስለዚህ ልዩነቱ በሁለቱ ጫፎች ሲለያይ የሚያስፈልገውን የሎጋሪዝም አማካይ ማስላት አያስፈልግም። 455ን በ27 ስናካፍል 16.87 ኪሎዋት በኬልቪን ገደማ እናገኛለን። ይህ ቁጥር የምጣኔውና የስፋቱ ብዜት፣ UA የሚባለው ነው፤ የመሣሪያው እውነተኛ አቅምም እሱ ነው። መለኪያው የሰጠን ይህን ብቻ ነው። ስፋት የሚባለው ነገር ገና አልገባበትም።

ስፋቱ የሚገባው ይህን ቁጥር ለማካፈል ስንነሳ ነው። በውጭ ስፋት፣ በ27.3 ሲካፈል 618 ይሆናል። በውስጥ ስፋት፣ በ21.25 ሲካፈል 794።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ያሰሉት በውስጥ ስፋት ነበር። ምክንያታቸውም የሚናቅ አልነበረም። «ኢንጂነር፣ ቆሻሻው የሚሄደው በቱቦው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የውስጡን ስፋት ወሰድኩ» አሉኝ። ቀጥለውም የአቅራቢውን የመረጃ ወረቀት አሳዩኝ። «በቆሻሻ ጊዜ የሚጠበቀው 723 ነው ይላል። እኛ 794 አለን። ታዲያ ምን ያስቆመናል? ምርት አቁመን የምናጸዳው ምንድን ነው?»

የምርት ክፍሉ ኃላፊ በበኩላቸው ቁጥር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ቅሬታ ነው። ውሃው እንደ ድሮው ሞቆ አይመጣም፣ ቦይለሩ ነዳጅ ይበላል አሉ። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት።

የመረጃ ወረቀቱን ገልጬ ስመለከት ስፋቱ 27.3 ስኩዌር ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ 723 በውጭ ስፋት ላይ የተመሠረተ ነው። አምራቾች ባብዛኛው የሚጠቀሙት የቱቦውን የውጭ ገጽ ስፋት ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። በውስጥ ስፋት ቢገለጽ ያው መሣሪያ፣ በያው ሁኔታ፣ 929 ይሆን ነበር። ትክክለኛው ንጽጽር እንግዲህ ወይ 618 ከ723 ጋር ነው፣ ወይ 794 ከ929 ጋር። በሁለቱም መንገድ መሣሪያው ለቆሻሻ ጊዜ ከተፈቀደለት 15 በመቶ ገደማ ወርዷል። የትኛውም ስፋት ቢመረጥ ስህተት የለውም፤ ስህተቱ በአንዱ ስፋት የተለካውን በሌላው ስፋት ከተጻፈ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

ክርክሩ እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጥያቄው ግን ገና ግማሽ ነው። ቆሻሻ በሁለቱም በኩል ሊኖር ይችላል፤ የትኛው ወገን ነው ያጠፋው? የቱቦውን ውስጥ ማጽዳትና ውጩን ማጽዳት ፍጹም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ውስጡ ክዳን ተከፍቶ በብሩሽ ይጸዳል። ትልቁ ቧንቧ ግን ጫፎቹ የተበየዱ ስለሆኑ ቱቦዎቹ ተስበው አይወጡም፤ ውጩ የሚጸዳው በኬሚካል ብቻ ነው።

ሙቀቱ ከፍሳሹ እስከ ውሃው ድረስ አምስት ተቃውሞዎችን ያልፋል። በቱቦው ውስጥ ያለው የፍሳሽ ስስ ሽፋን፣ በውስጥ ገጹ የተለጠፈው ቆሻሻ፣ የብረቱ ግድግዳ፣ በውጭ ገጹ የተለጠፈው ቆሻሻ፣ በመጨረሻም የውሃው ስስ ሽፋን። እነዚህ በተከታታይ ስለሆኑ ይደመራሉ። ሁሉም በውጭ ስፋት ሲገለጹ እንዲህ ይጻፋሉ፤ o የውጩን፣ i የውስጡን ያመለክታል፤ U አጠቃላይ ምጣኔው፣ h የሽፋኑ ምጣኔ፣ Rf የቆሻሻው ተቃውሞ፣ d ዲያሜትሩ፣ k የብረቱ ሙቀት የማስተላለፍ አቅም ነው፦

```
1/Uo = 1/ho + Rfo + do·ln(do/di)/(2k) + (do/di)·(Rfi + 1/hi)
```

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው (do/di) የሚለው ብዜት ነው። ትርጉሙ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር የውጭ ገጽ በውስጥ በኩል ያለው 0.78 ስኩዌር ሜትር ብቻ ነው። ያው ሙቀት በጠበበው በር ማለፍ ስላለበት፣ በውስጥ በኩል ያለ ማንኛውም ተቃውሞ ወደ ውጭ ስፋት ሲቀየር በ1.285 ይከብዳል። የፍሳሹ ሽፋንም፣ የውስጡ ቆሻሻም። የውስጡን ቆሻሻ ሳያባዛ የሚደምር ሰው በዚህ መሣሪያ ላይ 723 ሳይሆን 779 ያገኛል፤ ስፋቱንም 7 በመቶ ገደማ አሳንሶ ይገዛል።

ቁጥሮቹን እናስገባ። ለንባብ እንዲቀሉ ተቃውሞዎቹን ሁሉ በአንድ ሚሊዮን አባዝቻቸዋለሁ፤ ስለዚህ 370 ማለት 0.000370 ስኩዌር ሜትር ኬልቪን በዋት ማለት ነው። ምጣኔውን ለማግኘት አንድ ሚሊዮንን በድምሩ ማካፈል ይበቃል።

በቱቦው ውስጥ ፍሳሹ በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በዚህ ፍጥነት የውስጡ ምጣኔ 5,450 ይመጣል። ተቃውሞው በውጭ ስፋት 236 ነው። በትልቁ ቧንቧ በኩል ውሃው የሚሄደው በቀስታ ነው፣ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ምጣኔው 2,700፣ ተቃውሞው 370። የማይዝግ ብረት ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ 16 ገደማ ብቻ ስለሆነ ወፍራሙ ግድግዳ 149 ይጨምራል። ብዙ ሰው «ብረት እኮ ሙቀት ያስተላልፋል» ብሎ የግድግዳውን ተቃውሞ ይተወዋል፤ ለስስ መዳብ ያስኬዳል፤ እዚህ ግን ከንጹሑ ድምር አምስተኛ እጁ ግድግዳው ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 755፤ የንጹሕ መሣሪያ ምጣኔ ስለዚህ 1,324 ነው።

አቅራቢው በዚህ ላይ ለቆሻሻ የጨመረው አለ። ለፍሳሹ በውስጥ ስፋት 352፣ በ1.285 ሲባዛ 452። ለጉድጓዱ ውሃ 176። ድምሩ 1,383፣ ምጣኔውም 723። ከመረጃ ወረቀቱ ጋር ገጠመ፤ አቅራቢው ብዜቱን አልዘነጋም ማለት ነው።

አሁን የተለካውን ወደ ተቃውሞ እንመልሰው። 618 ማለት ጠቅላላ ተቃውሞ 1,619 ገደማ ማለት ነው። ከዚህ የንጹሑን 755 ስንቀንስ 864 የቆሻሻ ተቃውሞ ይቀራል። የተፈቀደው 628 ነበር። ቆሻሻው ከተፈቀደለት ከሲሶ በላይ በልጧል።

ከአንድ መለኪያ ይህን 864 ለሁለቱ ወገኖች ማካፈል አይቻልም። ሁሉም የውስጥ ቢሆን፣ ሁሉም የውጭ ቢሆን፣ ግማሽ በግማሽ ቢሆን፣ ቴርሞሜትሮቹ የሚያሳዩት አንድ ነው። በፋብሪካው ሁሉም ሰው ጥፋቱን ለፍሳሹ ሰጥቶ ነበር፤ ፍሳሹ ጥቁር ነው፣ ክር ይዟል፣ ይሸታል። የጉድጓዱ ውሃ ደግሞ የሚጠጣ ነው። ዓይን የሚፈርደው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው አንዱን ወገን ብቻ አጽድቶ እንደገና መለካት ያስፈለገው።

እሑድ ማሽኖቹ በሚቆሙበት ቀን ክዳኖቹ ተከፈቱ። ብሩሽ የሚገፋውን ሥራ የመሩት አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። በመጀመሪያው ቱቦ ያወጡት ግራጫ፣ ለስላሳ፣ በክር የተያያዘ ጭቃ ነው። በጣታቸው አሽተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ውሃ ነው፤ ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ?» አሉ። ነገሩ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ለስላሳ ጭቃ በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ያን ያህል ሙቀት አይከለክልም፤ ዓይንን ነው የሚያስፈራው። «ጋሼ፣ ነገ እንለካውና እናያለን» አልኳቸው።

በማግስቱ መሣሪያው በዚያው 12 ሜትር ኩብ ፍሰት ሠራ። ፍሰቱ አንድ ዓይነት መሆኑ የግድ ነው። ፍሰት ከተለወጠ የሽፋኖቹ ተቃውሞ ራሱ ስለሚለወጥ 755 የሚለው መነሻ አያገለግልም። ብሩሽ ቱቦውን ከከፈተው በኋላ ደግሞ ፓምፑ ከበፊቱ የበለጠ ሊገፋ ስለሚችል ቫልቩን አስተካክለን በታንኩ አረጋገጥን። ፍሳሹ በ78 ገብቶ በ41 ወጣ፤ ውሃው ከ18 ወደ 55 ደረሰ። ጭማሪው 37፣ ልዩነቱ 23። በውጭ ስፋት ምጣኔው 813፣ ጠቅላላ ተቃውሞው 1,230።

ብሩሹ ያስወገደው እንግዲህ 1,619 ሲቀነስ 1,230፣ ማለትም 389 ነው። ይህ በውጭ ስፋት የተገለጸ ነው። እውነተኛው የውስጥ ቆሻሻ፣ በራሱ ገጽ ስፋት ሲገለጽ፣ 389 በ1.285 ተካፍሎ 303 ነው። አቅራቢው ለፍሳሹ የፈቀደው 352 ነበር። ሁሉም የወነጀለው ፍሳሽ ከድርሻው አላለፈም! እዚህም ላይ ስፋቱን የሚረሳ ሰው 389ን በቀጥታ ከ352 ጋር ያስተያይና ፍሳሹን ያለ ጥፋቱ ይፈርድበታል።

የቀረው 1,230 ሲቀነስ 755፣ ማለትም 475 ነው። ብሩሹ ውስጡን በሚገባ ካጸዳ ይህ ሁሉ የውጭ ነው፤ ለጉድጓዱ ውሃ የተፈቀደው 176 ስለነበር 2.7 እጥፍ ይደርሳል። ብሩሹ ማጽዳቱን ለማረጋገጥ በየቱቦው በባትሪ ብርሃን አይተናል፤ ብረቱ ያበራ ነበር። ትንሽ ቢቀር እንኳ ፍርዱን የሚገለብጥ አይደለም።

ንጹሕ የሚባለው ውሃ ለምን እንዲህ አደረገ? በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የባዛልት ድንጋይ ውስጥ የሚገኝ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙውን ጊዜ ካልሲየምና ባይካርቦኔት ይይዛል። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ ከስኳርና ከጨው በተቃራኒ ውሃው በሞቀ ቁጥር የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ከሁሉ በላይ በሚሞቅበት ቦታ፣ በቱቦው ውጫዊ ገጽ ላይ፣ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ሻይ ማፍያ ውስጥ የምናየው ያው ነገር ነው። ይህ ቅርፊት ደረቅና ጠንካራ ነው፤ እንደ ፍሳሹ ጭቃ ውሃ አያቅፍም። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙን 2 ገደማ ብንወስድ፣ 475 የሚሰጥ ቅርፊት ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ይሆናል። የውሃ መውጫውን ፍላንጅ ፈትተን በዓይናችን ያየነውም ይህንኑ ያህል ነበር። ስሌትና ዓይን ሲገጥሙ ደስ ይላል።

እዚህ ላይ የመረጃ ወረቀቱን ሁለተኛ ጊዜ ገለጥኩት። 176 የሚለው ቁጥር በቱቦ መለዋወጫ አምራቾች ማኅበር፣ በቴማ፣ ሰንጠረዥ ለተራ የከተማ ወይም የጉድጓድ ውሃ የተሰጠው ነው። እዚያው ሰንጠረዥ ላይ ለጠንካራ ውሃ፣ ማለትም በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ በሊትር ከ257 ሚሊግራም ለሚበልጥ፣ ሌላ መስመር አለ፤ ሦስት እጥፍ ነው፣ 528 ገደማ። የፋብሪካው የላቦራቶሪ ውጤት ደግሞ 290 ሚሊግራም ይላል። ወረቀቱ በቦይለሩ ክፍል ፋይል ውስጥ ነበር፤ የቦይለሩ ውሃ በማለስለሻ ስለሚያልፍ የምርመራው ውጤት የተፈለገው ለእሱ ነበር። መለዋወጫው ሲታዘዝ ለአቅራቢው አልተላከም። ትክክለኛው መስመር ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ጠቅላላ ተቃውሞው 1,735፣ ምጣኔውም 576 ይሆን ነበር፤ ያንኑ ሥራ ለመሥራትም 27.3 ሳይሆን 34 ስኩዌር ሜትር ያስፈልግ ነበር።

በዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። መፍትሔው ትልቅ መለዋወጫ መግዛት ነበር ማለቴ አይደለም። ለቆሻሻ ብሎ ስፋት መጨመር ብዙ ጊዜ ቱቦ መጨመር ነው፤ ቱቦ ሲጨመር ፍጥነት ይቀንሳል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ቆሻሻ በቀላሉ ይቀመጣል። የቅርፊቱ ምንጭ ውሃው ሆኖ ሳለ ብረት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይታየኝም።

አንድ ሰው ፍሳሹንና ውሃውን እናቀያይር የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ውሃው በቱቦ ውስጥ ቢሄድ ቅርፊቱን በብሩሽ እንቆርጠው ነበር በሚል። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ክር የያዘ ፍሳሽ በተበየደ ቧንቧ ውስጥ፣ በ19 ቱቦዎች መካከል ባለ ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ሲገባ የሚያዘውን ክር ማንም ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ተውነው።

የቀረው ኬሚካል ነበር። ከገበያ በቀላሉ የሚገኘው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቅርፊቱን በፍጥነት ይበላዋል፤ ነገር ግን ክሎራይዱ የማይዝገውን ብረት በነጥብ በነጥብ እየበሳ ይጎዳዋል። የባትሪ አሲድ የሚባለው ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በውሃ እምብዛም የማይሟሟ ጂፕሰም ይፈጥራል፤ አንዱን ቅርፊት በሌላ መተካት ይሆናል። የመረጥነው ሲትሪክ አሲድ ነው። 5 በመቶ ብጥብጥ፣ በ55 ዲግሪ ገደማ ሙቀት፣ በትልቁ ቧንቧ በኩል በትንሽ ፓምፕ ከታንክ እየተመላለሰ ዞረ። የአየር ማስወጫው ክፍት መሆን አለበት፤ ካርቦኔት ሲሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ያ ጋዝ ግፊት ይፈጥራል። አረፋው ሲቆምና አሲዱ ከዚያ በኋላ መድከሙን ሲተው ቅርፊቱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ታጠበ፤ ያገለገለው አሲድም በሶዳ ከተገደለ በኋላ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያው ተለቀቀ።

ሦስተኛው መለኪያ፦ ፍሳሹ ከ78 ወደ 35.5፣ ውሃው ከ18 ወደ 60.5። ጭማሪው 42.5፣ ልዩነቱ 17.5። ምጣኔው በውጭ ስፋት 1,228፣ ጠቅላላ ተቃውሞው 815። ከንጹሑ 755 የሚለየው በ60 ብቻ ነው።

ይህ 60 የቀረ ቅርፊት ነው? እንዲህ ብዬ መጻፍ አልደፍርም። ልዩነቱ 17.5 ዲግሪ በሆነበት ቦታ ቴርሞሜትሮቹ በ1 ዲግሪ ቢሳሳቱ ውጤቱ በ50 ገደማ ይዛነፋል። 755 ራሱም ከስሌት የመጣ ነው፤ የሽፋን ምጣኔዎችን የሚሰጡ ቀመሮች ከ10 በመቶ የተሻለ ትክክል ናቸው ብዬ አልምልም። መሣሪያው በንጹሑ ጊዜ፣ በተተከለበት ሳምንት፣ ተለክቶ ቢመዘገብ ኖሮ መነሻችን ከስሌት ይልቅ መለኪያ ይሆን ነበር። ሁለቱን የጽዳት ደረጃዎች ያነጻጸርንበት ልዩነት ግን ከዚህ ጥርጣሬ ነጻ ነው፤ 389 የመጣው ከሁለት መለኪያዎች ልዩነት ስለሆነ በ755 ትክክለኛነት ላይ አይመሠረትም።

በነዳጅ ሲታይ፣ ከጽዳቱ በፊትና በኋላ ያለው የ9.5 ዲግሪ ጭማሪ 131 ኪሎዋት ነው። ይህን ቦይለሩ በ80 በመቶ ብቃት ቢያመርተው በሰዓት 15 ኪሎግራም ገደማ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይፈጃል። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ያለ ስሌት ያዩት ይህንኑ ነበር።

ፋብሪካው የቦይለሩን የውሃ ማለስለሻ አቅም አስፍቶ ወደ መለዋወጫው የሚሄደውንም ውሃ በእሱ ለማሳለፍ ወሰነ። እስከዚያ ድረስ የሲትሪክ አሲዱ ጽዳት ይደገማል፤ ጥያቄው መቼ የሚለው ነው። ለዚህ ከጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጋር በመዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ አበጀን። «ስፋቱ የውጭ ይሁን የውስጥ በየፈረቃው ማን ያስታውሳል?» ብለው ሲጠይቁኝ ልክ ነበሩ። ሁለቱ ፍሰቶች እኩል ከሆኑ ስፋት የሚባለውን ነገር ጨርሶ መተው ይቻላል። የውሃው ጭማሪ በሁለቱ ፈሳሾች ልዩነት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር UA ለፍሰቱ የሙቀት አቅም ሲካፈል ከሚገኘው ጋር አንድ ነው፤ የትኛውም ስፋት አይገባበትም። በቆሻሻ ጊዜ የተፈቀደው 1.43 ነው። ጽዳቱ ከመጀመሩ በፊት 33 በ27፣ 1.22 ነበር። ብሩሹ ሲያበቃ 1.61፣ አሲዱ ሲያበቃ 2.43።

የፈረቃው ሠራተኛ አራት ቴርሞሜትሮችን አንብቦ ሁለቴ ይቀንሳል፣ አንዴ ያካፍላል፣ ይጽፋል። ቁጥሩ ወደ 1.5 ሲወርድ ጽዳቱ ለቀጣዩ እሑድ ይያዛል። ከዓምዱ አጠገብ ሌላ ዓምድ አለ፤ የሁለቱ ፍሰቶች መጠን የሚጻፍበት። ከሁለቱ አንዱ ከ12 ሜትር ኩብ ከአንድ በላይ የራቀ ከሆነ የዚያ ፈረቃ ቁጥር በቅንፍ ይገባል፤ ለጽዳት ውሳኔም አይቆጠርም።